ከረጅም ጥበቃ በኋላ የምትባል አጭር ይቅርታ

ጁባ ውስጥ፣ ወደ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት የአውሮፕላን ቲኬት ቢሮ አለች። ጠባብ ናት። ግማሿን ጠረጴዛው ይዞታል፣ ግማሿን ደግሞ ሙቀቱ። ለደንበኛ የተረፈው ግድግዳ የተደገፈ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ የቆየ ሰው ለመነሳት ሲሞክር ሱሪው «አንተ ሂድ፣ እኔ እቀራለሁ» ይለዋል። ከጠረጴዛው ጀርባ የሚቀመጠው ናሁሰናይ ነው።

ናሁሰናይ አዲስ አበባ ሳለ ጨዋታ አዋቂ ነበር። ሰው አያማም፤ ተራውን ነገር እያሳበጠ ማውራት ነው የሚወደው። የመርካቶ አይጥ ድመት አግብታ ሰርጉ ላይ እንደተጠራ ሲምል፣ የሰፈሩ ልጆች «ሙሽራዋ ምን ለብሳ ነበር?» ይሉታል እንጂ «ዋሸህ» የሚለው የለም። ጁባ ከገባ ወዲህ ግን ሰሚ አጣ። ከሥራ ወደ ተከራያት ክፍል ሲመለስ በሩ ላይ ቆም ብሎ «እንዴት ዋላችሁ?» ይላል። ውስጥ ያሉት አልጋው፣ የውሃ በርሜሉና ማራገቢያው ናቸው። አልጋውና በርሜሉ ዝም ይላሉ፤ ማራገቢያው ደግሞ ራሱን ግራ ቀኝ እየነቀነቀ «ደህና አልዋልንም» የሚል ይመስላል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። እነሱም ሰላም ብለውት፣ ጉንጩን ስመውት፣ ወደየጉዳያቸው ይበተናሉ።

ይህ ብቸኝነት መጀመሪያ አፉን ዘጋው። ቢሮ ውስጥ ሰው ሲመጣ ቀና ብሎ አያይም ነበር። ኔትወርክ ጠፍቶ ሰው አግዳሚው ላይ ሲጠብቅ ይውላል፤ ተራው የደረሰው ተነስቶ «ጤና ይስጥልኝ» ሲል፣ ናሁሰናይ እጁን ዘርግቶ «ፓስፖርት» ይላል። አለቀ። 

አንድ ቀን እንዲህ ያላት ሴት ራሄል ትባላለች፤ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ናት። ጠዋት መጥታ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር ተራዋ የደረሳት።

«ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ» አለች።

«ፓስፖርት።»

«ሰላም ብዬህ ነበር እኮ።»

«ሰማሁ። ፓስፖርት።»

ራሄል ፓስፖርቷን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ዚፑን ሳበችው። «እዚህ የዋልኩት እኮ እንደ ሰው የምታየኝ መስሎኝ ነበር» ብላ ወጣች። ለቢሮው ባለቤት ለወይዘሮ አምለሰትም ደውላ ነገረቻት።

ወይዘሮ አምለሰት ጉልበቷን የሚያማት፣ ድምፅዋ ግን የማያማት ሴት ናት። «አንተ ልጅ፣» አለችው፣ «ሰው ስንት ሰዓት ጠብቆ ሰላም ሲልህ ይቅርታ መጠየቅ ያቅትሃል?»

«እትዬ፣ ኔትወርኩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንተ አይደለህም። የጠበቀው ግን አንተን ነው። ከዛሬ ጀምሮ መጀመሪያ ይቅርታ!»

ይቅርታ በል አለችው እንጂ ምን ያህል እንደሆነ አልነገረችውም። ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

በማግስቱ ኔትወርኩ እንደልማዱ ጠፋ፣ ሰው ተሰበሰበ። ኔትወርኩ ሲመለስ የመጀመሪያው ሰው «እንዴት ዋልክ?» አለ። ናሁሰናይ አፉን ከፈተ። «ኧረ ይቅርታ ጋሼ! ምን ሆነ መሰለዎት? ጄኔሬተራችን ትናንት ናፍጣ አልጠጣም ብሎ አኮረፈ። ለመንነው። ሽማግሌ ላክንበት። በመጨረሻ 'የማንጎ ጭማቂ ካላመጣችሁ' አለን!» ሰውየው ሳቀ። አግዳሚው ላይ የነበሩትም ሳቁ። ያ ሳቅ ለናሁሰናይ በረሃ ላይ የተገኘ ውሃ ሆነለት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ይቅርታ ይፈጥር ጀመር፤ ለአንዱ የጄኔሬተሩን፣ ለአንዱ አንቴናው ላይ እንቁላል የጣለውን አሞራ። በረኛው ኻሊድ አማርኛ ባይሰማም በእጅ እንቅስቃሴው ብቻ ይስቅለት ነበር።

እናንተ ሰዎች፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አግዳሚው ላይ የሚጠብቅ ሰው ተነስቶ መሄድ አይችልም። ጉዳዩ ከጠረጴዛው ማዶ ነው ያለው። ስለዚህ ይስቃል፣ «ምንም አይደል» ይላል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። ናሁሰናይ ይህን ጓደኝነት አድርጎ ወሰደው። ከኋላ የተቀመጡት ሰዎች ግን በእያንዳንዱ ይቅርታ ልክ ሌላ ጥበቃ ይጨመርባቸው ነበር። ስለ ጥበቃው ይቅርታ ሲባል ጥበቃው ረዘመ!

ዳምጠው የመጣው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ዳምጠው በጁባ የወንዝ ወደብ የጀልባዎችን ብረት የሚበይድ ሰው ነው። ዕድሜው ገፍቷል፣ «ጁባ ና ባሪ» በሚባል ሰፈር ብቻውን ይኖራል። ሚስት አላገባም፣ ልጅ የለውም፤ ያለችው አንዲት ታላቅ እህት ናት፣ ማናህሎሽ፣ አዲስ አበባ። ከእናታቸው ሞት በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። በዚያ ሳምንት ሐኪሞች ልቧ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ነገሯት፤ ቀጠሮው እሱ ቢሮው በመጣ ማግስት ከሰዓት በኋላ ሆነ። ስልክ ደውላ «እጄን ሳትይዘኝ እዚያ ክፍል አልገባም» አለችው። የማግስቱ ጠዋት በረራ ላይ ከተሳፈረ ይደርሳል። ካልተሳፈረ አይደርስም።

ከወደቡ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር ነው የመጣው። ኔትወርክ አልነበረም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ጠበቀ። ከጎኑ የነበሩ አንዳንዶቹ ተሰላችተው ሄዱ፤ እሱ የትም መሄድ አልቻለም። ከሰዓት በኋላ ኔትወርኩ መጣ። ከፊቱ ያሉት ሰዎች አንድ በአንድ ሲነሱ የጄኔሬተሩን ታሪክ ሰማ፣ የአሞራውን ታሪክ ሰማ። ሌሎቹ ሲስቁ እሱ ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። 

ተራው ደረሰ። ተነሳ። ዳምጠው ያን ሁሉ ጠብቆ እንኳ የሰላምታ ወጉን አልተወም።

«እንደምን ዋልክ ልጄ? ሥራው በርትቶብሃል፤ አይዞህ።»

እንዲህ ያለ ሰላምታ ከአባት ዕድሜ ሰው ሲመጣ ልብ ይነካል። ለናሁሰናይ ደግሞ «አይዞህ» ያለው ሰው ከጠፋ ቆይቶ ነበር። ደስ አለው። ምርጡን ታሪኩን ለዚህ ሰው ሊሰጠው ወሰነ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ! ግን የሆነውን ቢሰሙ እርስዎም ያዝኑልኛል። አንዲት ጉማሬ ከወንዙ ወጣች…»

«ምንም አይደል ልጄ። እኔ እንኳ የመጣሁት…»

«ቆይ ልጨርስልዎት ጋሼ! ወጣችና የኔትወርኩን ገመድ ስታየው ቄጠማ መሰላት። ዋጠችው! አሁን አንዱ ጫፍ ሆዷ ውስጥ፣ አንዱ ጫፍ ማማው ላይ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ የደወለ ሰው ሁሉ በሷ ሆድ በኩል ነው የሚያልፈው። ስታገሳ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ስትተኛ ይመጣል።»

አግዳሚው ላይ የቀሩት ሁለት ሰዎች ፈገግ አሉ። 

«እሺ። እህቴ ታማ…» አለ ዳምጠው።

«አይዞዎት፣ ትድናለች! ጉማሬዋን ሊያስተኛ ማን ተላከ መሰለዎት? እሹሩሩ የምትል ሞግዚት!» ናሁሰናይ ሞግዚቷን ሆኖ አዜመ፣ ጉማሬዋን ሆኖ አንኮራፋ፣ ከወንበሩም ብድግ ብሎ የጉማሬ አረማመድ አሳየ። 

ይህ ሁሉ ሲሆን ከጀርባው ያለው ስክሪን የማግስቱን ጠዋት በረራ እንደከፈተ ነበር፤ ከዳምጠው በፊት የነበረው ሰው ስለዚሁ በረራ ጠይቆ ነበርና። አንድ ወንበር ቀርቶ ነበር።

የአውሮፕላን ወንበር ነገር እንዲህ ነው። ጁባ ስክሪን ላይ የሚታየው ወንበር የዚያ ቢሮ ንብረት አይደለም። አዲስ አበባ ያለውም ቲኬት ሻጭ ያንኑ ወንበር ያያል፤ ቤቱ ጋደም ብሎ ስልኩን የሚነካካውም ያያል። ስም እስኪገባበት ድረስ የማንም ነው፤ ቀድሞ ስም ያስገባ ይወስደዋል። የዳምጠው ስም ያልገባው ማንም ስላልጠየቀው ነው። ምን እንደሚፈልግ እንኳ አልተጠየቀም።

ጉማሬዋ ተኝታ ታሪኩ ሲያልቅ፣ ናሁሰናይ ላቡን ጠርጎ ተቀመጠ። «እሺ ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?»

«የነገ ጠዋቱ አውሮፕላን። አዲስ አበባ። እህቴ ነገ ቀዶ ጥገና ትገባለች።»

ናሁሰናይ ስሙን ጻፈ፣ የፓስፖርት ቁጥሩን አስገባ፣ ቁልፉን ተጫነ። ስክሪኑ ትንሽ አሰበና ወንበር የለም አለ። ደግሞ ሞከረ። የለም። ቅድም እንደነበር ያስታውሳል፤ በዓይኑ ጠርዝ አይቶት ነበር። 

«አሁን… አሁን ነበረ» አለ።

«ታዲያ?»

«ተወሰደ።»

ዳምጠው ጠረጴዛውን አልደበደበም። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር። ባርኔጣውን አድርጎ፣ ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ወርዶ፣ «ምንም አይደል» አለ። ለሦስተኛ ሰው የሚናገር ይመስል ነበር። ናሁሰናይ ስሙን ተጠባባቂዎች ውስጥ አስገባለት፣ ከዚያ በኋላ ባለው በረራም ወንበር ያዘለት። ሽማግሌው በሩን ሲያልፍ ኻሊድ ከወንበሩ ተነስቶ «ማሌሽ፣ ያ ሐጅ» አለው፤ «ይቅርታ፣ አባት» ማለቱ ነው። በዚያ ቀን ዳምጠው የሰማት አጭር ይቅርታ እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም ምንም ካላጠፋው ሰው።

በማግስቱ ጠዋት ዳምጠው ሻንጣውን ይዞ አየር ማረፊያ ቆመ። የቀረ ተሳፋሪ ካለ ያስገቡታል። የቀረ አልነበረም። አውሮፕላኑ ሲነሳ ድምፁን ከአጥሩ ውጪ ሆኖ ሰማ። ከሰዓት በኋላ ማናህሎሽ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገባች፤ ሐኪሞቹ ቀጠሮው አይዘዋወርም አሏት። የያዘችው የነርሷን እጅ ነው። ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣችም። 

ዳምጠው ቢደርስ ትድን ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ልብን ወንድም አይቀጥለውም። ግን የምታውቀውን እጅ ይዛ ትገባ ነበር። እሱም የመጨረሻ ቃሏን ከራሷ አፍ ይሰማ ነበር። የተያዘለት ቀጣዩ በረራ ከቀብሯ በኋላ ነበርና፣ ቀብሯ ሲፈጸም እሱ ገና ጁባ ነበር፤ ያንን ጉዞም ተወው።

ወሬውን ለናሁሰናይ ያመጣችው ወይዘሮ አምለሰት ናት። ከቤተ ክርስቲያን ሰምታ መጣችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ያ የወደቡ በያጅ፣ ዳምጠው፣ እኛ ቢሮ ውሎ ነበር አሉ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ሰላም ሲልህ ምን አልከው?»

«ይቅርታ አልኩት እትዬ። እርስዎ እንዳሉኝ።»

«እኮ፣ እንዴት አድርገህ? በለኝ እስቲ።»

ናሁሰናይ ጀመረ። ጉማሬዋ ከወንዙ ወጣች፣ ገመዱን ዋጠች። የሚስቅለት አልነበረም። አግዳሚው ላይ ያለችው ወይዘሮ አምለሰት ብቻ ናት፣ እሷም ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ሞግዚቷ ጋ ሲደርስ አቆመ።

«ጨርሰው እንጂ!» አለችው። «እሱ እስኪያልቅ ጠብቆሃል አይደል?»

«እትዬ፣ ሰውን ላስደስት ብዬ እኮ ነው። ቢያንስ ስቆ ይሂድ…»

«ማንን ነው ያስደሰትከው? ራስህን ነው። ይኸውልህ ናሁሰናይ፣ ሰው ጠብቆ ጠብቆ ሲቀርብህ የያዘው አንድ ነገር ነው፤ ጉዳዩን። ሰላም ሲልህ ቀና ብለህ ዓይኑን እይ፣ ሰላምታውን መልስ፣ 'ስላስጠበቅኩዎት ይቅርታ' በል። ከዚያ ወዲያው 'ምን ልርዳዎት?' ብለህ አፍህን ዝጋ። ምክንያቱን ከጠየቀህ በአንድ ቃል ንገረው፤ ኔትወርክ አልነበረም፣ በቃ። ካልጠየቀህ ምክንያቱ ያንተ ነው። ይቅርታህን ስታረዝም እኮ እሱ ያጽናናህ ጀመር! 'ምንም አይደል፣ አይዞህ' እያለ ሥራ አበዛህበት። የተበደለው እሱ፣ የሚያባብለው እሱ!»

«ዝም ስል ተቆጡኝ። ስናገርም…»

«ዝም ስትለው ጥበቃውን እንዳላየህለት ሆነ። ስታበዛው ደግሞ ጥበቃውን ቀማኸው፣ ያንተ ጨዋታ አደረግከው። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ በሁለቱም ውስጥ ሰውየው የለም።»

ናሁሰናይ ራሱም ሳያስበው፣ «እትዬ፣ እዚህ ከተማ የማወራው ሰው የለኝም እኮ» አለ። ወይዘሮ አምለሰት ቁጣዋ በረደ። «አውቃለሁ» አለች። «እሱም የለውም።»

ከሥራ በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ተሳፍሮ ጁባ ና ባሪ ሄደ። ሞተረኛው በአቧራው መሐል ሲያበርር፣ እሱ ከኋላ ሆኖ የሚለውን ይለማመዳል። ረጅም ንግግር ነበር። መግቢያ ነበረው፣ መሐላ ነበረው፣ እንባ የሚመጣበት ቦታም ነበረው።

ዳምጠው ግቢው ውስጥ ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ለለቅሶ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ባዷቸውን ናቸው፤ የወደቡ ሰዎች ቀን መጥተው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ጥላው ከወንበር ወንበር እየተዛወረ ሲቀመጥባቸው የዋለ ይመስል ነበር። ሽማግሌው ናሁሰናይን ሲያይ ለመነሳት ሞከረ።

«ደህና መጣህ ልጄ። ፀሐዩ አልከበደህም?»

አሁንም ሰላምታውን ያስቀደመው እሱ ነው! ናሁሰናይ የተለማመደው ሁሉ ጉሮሮው ላይ ተሰልፎ «እኔ ልቅደም፣ እኔ ልቅደም» አለው። ዋጠው። ቀና ብሎ ዓይኑን አየ።

«ጋሽ ዳምጠው፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። ያን ቀን አስጠብቄዎታለሁ፤ ወንበሩም በእኔ ጥፋት ነው ያመለጠዎት። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን ምን ላግዝዎት?»

እዚያ ላይ አቆመ። ማቆሙ ከመናገሩ ይከብድ ነበር። ከአጥሩ ውጪ የውሃ ቦቴ መኪና እያጓራ አለፈ፣ ዶሮዎች ተበተኑ። ናሁሰናይ ዝምታውን በወሬ ሊሞላው እጁን አነሳ፣ መልሶ አወረደው።

ዳምጠው በዚህ ጊዜ «ምንም አይደል» አላለም።

«ጎድተኸኛል» አለ።

«አዎ።»

«ጆሮዬ ውስጥ እስካሁን ያንተ ድምፅ አለ። የሷ መሆን ነበረበት።»

«አዎ ጋሼ።»

ሽማግሌው መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ከዚያ «የሚታገዝ ካልክ…» አለ። «ያን በርሜል ውሃ አስሞላልኝ፤ ቦቴው ሳይርቅ። ለአርባዋም አገር መግባት አለብኝ፣ ወንበር ያዝልኝ። ከዚያ ና ቁጭ በል። ከሰው ሁሉ 'ነፍስ ይማር' እሰማለሁ፤ ማን እንደነበረች የጠየቀኝ ግን የለም።»

ናሁሰናይ ሮጦ ቦቴውን አስቆመ። በርሜሉን አስሞላ። ስልኩን አውጥቶ የበረራውን ቀን ጠየቀና እዚያው የዳምጠውን ስም አስገባ። ከዚያ ከባዶዎቹ ወንበሮች አንዱን ስቦ ተቀመጠ። «ማን ነበሩ?» አለ።

ዳምጠው አወራ። ማናህሎሽ ልጅ ሆና ለእሱ የትምህርት ቤት ጫማ እስኪገኝ የራሷን በጨርቅ ጠቅጥቃ እንዳጫማችው፣ እሷ ቤት ቀርታ እሱ በሴት ጫማ ክፍል ውስጥ ሲሳቅበት እንደዋለ፣ ማታ የሳቁበትን ልጆች ስም አንድ በአንድ ጠይቃው ለእያንዳንዳቸው ቅጽል ስም እንዳወጣችላቸው። ታሪኩ ዝብርቅርቅ ነበር፤ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጭራሽ ሌላ ይሆናል። ናሁሰናይ ከዚህ የተሻለ አድርጎ ሊያወራው ይችል ነበር። አላወራውም። አዳመጠ።

ዛሬም ጁባ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፣ አግዳሚውም ይሞላል። ኔትወርኩ ሲመለስ ናሁሰናይ የሚላት ነገር አንዲት ትንፋሽ አትሞላም፤ «ስላስጠበቅኩዎት ይቅርታ። ምን ልርዳዎት?» ከዚያ ጣቶቹ ቁልፎቹ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ቢሮዋ እንደ ድሮው አትስቅም። ክፍሉም ያው ክፍል ነው፤ ማራገቢያው ራሱን መነቅነቁን አልተወም። እሱ ግን አንዳንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ወደ ጁባ ና ባሪ ይሄዳል፣ ኒሙ ሥር ይቀመጣል።

እናንተ በመስኮት፣ በጠረጴዛ፣ በስልክ ሰው የምታስተናግዱ ወገኖቼ! የጠበቃችሁ ሰው ሰላም ሲላችሁ ጨዋነቱን እንደ ይቅርታ አትቁጠሩት። ገና ምንም አላላችሁትም። ያስጠበቃችሁት መሆኑን አምናችሁ፣ በአጭሩ ይቅርታ በሉትና ወዲያው ወደ ጉዳዩ እለፉ። የዘገያችሁበትን ሰበብ ሁሉ አታስታቅፉት፤ እጆቹ በራሱ ጉዳይ ሞልተዋል።